ከ«ሚስት» እንጀምር፦ የእንግሊዝኛው ኢዲ ሦስት አነባበቦች

ብዙዎቻችን «ሄድኩ» እንላለን፣ «በላሁ» እንላለን። ሁለቱ መጨረሻዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አድራጊው እኔ ነኝ፣ ድርጊቱም አልፏል። ሆኖም ከ«ድ» በኋላ «ኩ» መጣ፣ ከ«ላ» በኋላ ደግሞ «ሁ»። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ከፊት ያለው ድምፅ የትኛውን እንደሚፈልግ አፋችን ራሱ ያውቃል።

በእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ላይ የሚጨመረው ኢዲ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ሲጻፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲነገር ግን ከፊቱ እንዳለው ድምፅ አንዴ «ት»፣ አንዴ «ድ»፣ አንዴ ደግሞ «ኢድ» ይሆናል። ይህ የሚመለከተው በትምህርት ቤት «ሬጉላር» የምንላቸውን ግሶች ብቻ ነው። እንደ «ዌንት» እና «ኤት» ያሉት መልካቸውን የሚለውጡ ግሶች እዚህ አይገቡም።

መመሪያውን የምጽፈው በማታ ክፍል አስተምራት የነበረችን አንዲት እህት እያሰብኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። ተራዋን ስታስረክብ ጠዋት የሆነውን ለነርሷ በቃል መናገር አለባት። ክፍል ውስጥ ደጋግመን የሠራንበት የዕለት ሪፖርቷ ይህን ይመስላል፦

```
He walked in the hallway.
I washed his back.
I changed his shirt.
He refused it.
I called a nurse.
He rested.
```

ረጋ ብላ ስታነበው «ዎከድ፣ ዎሸድ፣ ቼንጀድ፣ ኮለድ» ትላለች፤ እያንዳንዱ ቃል ላይ አንድ ትርፍ ምት ትጨምራለች። ስትቸኩል ደግሞ መጨረሻውን ጭራሹን ትተወውና «ሂ ዎክ» ትላለች። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ነርሷ ሁልጊዜ መልሳ ትጠይቀኛለች፤ ዛሬ ተራመደ ነው ያልሽኝ ወይስ መራመድ ይችላል?» አለችኝ። ለነርሷ ሁለቱ የተለያዩ ወሬዎች ናቸው። አንዱ የዛሬ ጠዋትን ክስተት ይነግራታል፣ ሌላው የሰውየውን አቅም። ስለዚህ ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ መጨረሻውን መዋጥ ነው። ትርፉን ምት መጨመር ሁለተኛው ነው፤ ሰሚን ያደናግራል፣ ጆሮም ያሰለቻል። «ት» እና «ድ»ን ማምታታት ከሁሉም ይቀላል፤ ተሳስታችሁም ብዙ ጊዜ ሰሚው ይረዳችኋል። ልምምዳችሁን በዚህ ቅደም ተከተል ብታደርጉት ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ምቱን ቁጠሩ

የትርፉ ምት አንዱ ምክንያት ዓይናችን ነው። «ኢ» የምትባለውን ፊደል ስናይ አናባቢ ልናደርጋት እንፈልጋለን። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን አጻጻፍ ነው። ሳድስ ፊደል ሁለት ሥራ አለው፤ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶ ተነባቢ ነው። «ምሽት» እና «ድስት» በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም ሦስት ሳድስ። ጮክ ብላችሁ በሏቸውና በእያንዳንዱ ምት አጨብጭቡ። «ምሽት» ሁለት ጭብጨባ ይወስዳል፤ «ሽ» እና «ት» መካከል አጭር አናባቢ አለች። «ድስት» ግን አንድ ብቻ ነው፤ «ስ» እና «ት» ተጣብቀው ይወጣሉ።

የእንግሊዝኛው ኢዲ አብዛኛውን ጊዜ «ድስት» ነው እንጂ «ምሽት» አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም የሚቀርበን ምሳሌ «ሚስት» የሚለው ቃላችን ነው። «ናፈቀ» ወይም «አመለጠው» ለማለት የሚጠቅመው የእንግሊዝኛ ግስ በኃላፊ ጊዜ ሲነገር ከ«ሚስት» የሚለየው ለጥቂት ነው፦

```
miss    ሚስ
missed  ሚስት
```

«ሚሰድ» ብላችሁ ታነቡ ከነበረ ከዛሬ ጀምሮ ባለትዳር ሰው ሚስቱን ሲጠራ እንደሚለው በሉት። አንድ ጭብጨባ ነው። ዋናው ግስ ስንት ምት ካለው ኃላፊ ጊዜውም ያንኑ ያህል ምት አለው። ከዚህ ሕግ የሚወጣው አንድ ቡድን ብቻ ነው፣ እሱንም አሁን እናየዋለን።

ሦስቱን ለመለየት ሁለት ጥያቄዎች

ኢዲውን በእጃችሁ ሸፍኑትና ዋናውን ግስ ብቻውን ተናገሩ። ከዚያ የመጨረሻውን ድምፅ ያዙ። ድምፁን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። «ወደደ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሲጻፍ በ«ኢ» ያልቃል፤ ሲነገር ግን «ላይክ» ነውና መጨረሻው «ክ» ነው። «ሳቀ» የሚለው በ«ጂ» እና በ«ኤች» ተጽፎ ያልቃል፤ ሲነገር ግን «ላፍ» ነውና መጨረሻው «ፍ» ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ድምፁ «ት» ወይም «ድ» ነው? ከሆነ መጨረሻው «ኢድ» ይሆናል፣ አንድ ምትም ይጨመራል። ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

```
rest    ሬስት     rested   ሬስቲድ
need    ኒድ      needed   ኒዲድ
wait    ዌይት     waited   ዌይቲድ
decide  ዲሳይድ    decided  ዲሳይዲድ
```

ምክንያቱን ካወቁት አይረሳም። እኛ ድምፅን በማጥበቅ ትርጉም እንለውጣለን፤ «ገና አልመጣም» ስንል ላላ ነው፣ «የገና በዓል» ስንል ይጠብቃል። እንግሊዝኛ በቃል መጨረሻ ላይ ይህን አያውቅም። «ት» ላይ ሌላ «ት» ቢደርብበት ማንም አይሰማውም ነበር፤ ስለዚህ መሃላቸው አናባቢ ያስገባል። ይህች አናባቢ አጭር ናት። «ኢይይድ» ብላችሁ አትሳቧት፤ በእኛ «ኢ» እና በእኛ «እ» መካከል ያለች ነገር ናት። እንደ «እ» ብትሏትም ችግር የለም፣ ብዙ አሜሪካውያን እንደዚያ ይሏታል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ት» ወይም «ድ» ላልሆነው ሁሉ ነው፦ ጉሮሮ ይነዝራል? መዳፋችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ዝዝዝ» በሉ፣ ንዝረቱ ይሰማችኋል። «ስስስ» በሉ፣ ይጠፋል። አፍ ውስጥ ምላስ ያለችበት ቦታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጉሮሮ ብቻ ነው። «ት» እና «ድ»ም እንደዚሁ ጥንድ ናቸው፤ «ት» አይነዝርም፣ «ድ» ይነዝራል። የማይነዝር ድምፅ የማይነዝረውን «ት» ይወስዳል፣ የሚነዝር ድምፅ የሚነዝረውን «ድ»። ያው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

በቃል መያዝ ያለባችሁ የማይነዝሩትን ብቻ ነው፣ ጥቂት ናቸውና፦ ፕ፣ ክ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ፣ ች። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተን የምንለው የእንግሊዝኛው «ቲኤች» የማይነዝረው ዓይነትም ከእነሱ ጋር ነው፤ በዚህ የሚያልቅ ግስ ግን ብዙም አያጋጥማችሁ። ከእነዚህ በኋላ «ት» ነው።

```
stopped  ስቶፕት
walked   ዎክት
laughed  ላፍት
washed   ዎሽት
watched  ዎችት
```

የቀረው ሁሉ «ድ» ነው። አናባቢዎች በሙሉ ይነዝራሉ፤ ም፣ ን፣ ል፣ ር፣ ብ፣ ግ፣ ቭ፣ ዝ፣ ጅም እንዲሁ።

```
played   ፕሌይድ
cleaned  ክሊንድ
called   ኮልድ
arrived  አራይቭድ
changed  ቼንጅድ
```

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ት»ን አጠንክሬ ልናገር ስትሉ ወደ «ጥ» እንዳታንሸራትቱት። «ዎክጥ» የሚል ነገር እንግሊዝኛ የለውም፤ ለስላሳዋ «ት» ትበቃለች።

አፋችሁ የሚያውቃቸውን ቃላት ተጠቀሙ

«ሁለት ተነባቢ አጣብቆ መጨረስ ለእኛ ይከብደናል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እውነት አይደለም። «ክፍት» ስትሉ መጨረሻው «ላፍት» ላይ ያለው ነው። «ክንድ» ስትሉ «ክሊንድ»ን ብላችኋል። «ልምድ» ውስጥ ያለው «ምድ» ወጣ ከሚለው ግስ «ክላይምድ» ላይ አለ። «ዘውድ» የ«አላውድ»ን መጨረሻ ይሰጣችኋል፣ «ሆድ» ደግሞ በአናባቢ ለሚያልቁት ግሶች በሙሉ ይሆናል። አዲስ ግስ ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ዘመዱን የአማርኛ ቃል ሦስቴ በሉ፤ ወዲያው የእንግሊዝኛውን አስከትሉ፦ ክፍት፣ ክፍት፣ ክፍት፣ ላፍት።

«ክ» እና «ት» ሲጣበቁ ለሚቸገር «ዶክተር» አለለት። «ዶክት» ላይ ቆም በሉ፣ «ተር»ን አትጨርሱ። «ዎክት» የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው።

እንደ «ሪፍዩዝድ» እና «ቼንጅድ» ያሉት ግን በእኛ ቋንቋ ዘመድ የላቸውም። ከሁሉም የሚያደክሙት እነሱ ናቸው። ለእነሱ የሚሆነው መድኃኒት ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

መጨረሻውን ለቀጣዩ ቃል አበድሩት

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃላትን ነጣጥሎ አይናገርም። ኢዲ ያለበትን ቃል በአናባቢ የሚጀምር ቃል ከተከተለው «ት» ወይም «ድ» ተነሥቶ ወደዚያ ይሄዳል። ለላቲን ፊደል ይህን ማሳየት ከባድ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ተነባቢና አናባቢን በአንድ ፊደል ስለምንጽፍ፣ «ት» ከ«ኢ» ጋር ሲገናኝ «ቲ» ብለን እንጽፈዋለን፣ አለቀ።

```
walked in    ዎክ-ቲን
washed it    ዎሽ-ቲት
called a     ኮል-ዳ
changed it   ቼንጅ-ዲት
refused it   ሪፍዩዝ-ዲት
```

«ቼንጅድ»ን ብቻውን ማለት ያቃተው ሰው «ቼንጅ-ዲት» ሲል አይቸገርም፤ «ድ» የራሷን አናባቢ አግኝታለችና። የማስተምራቸውን ሰዎች መጀመሪያ ይህን አስለምዳለሁ። ለሳምንት ያህል ግሱን ብቻውን እንዳይሉት እከለክላለሁ፤ ሁልጊዜ «ኢት» አስከትለው ይሉታል። ከዚያ «ኢት»ን በሹክሹክታ ይሉታል። በመጨረሻም ያስቡታል እንጂ አይሉትም። ያን ጊዜ «ቼንጅድ» ትርፍ ምት ሳይጨመርበት ብቻውን ይወጣል።

አሁን ወደ ሪፖርቱ እንመለስ። «ዎክ» በማይነዝር «ክ» ያልቃል፤ «ት» ይወስድና ከ«ኢን» ጋር «ዎክ-ቲን» ይሆናል። «ዎሽ» እንደዚሁ «ት»፤ ከ«ሂዝ» በፊት ስለሆነ «ዎሽት ሂዝ» ነው፣ በፈጣን ንግግር «ሂ» ስትሟሟ «ዎሽ-ቲዝ» ይመስላል። «ቼንጅ» ይነዝራል፣ «ድ» ነው፤ በፍጥነት «ቼንጅ-ዲዝ»። «ሪፍዩዝ» የሚጻፈው በ«ኤስ» ቢሆንም የሚነዝር «ዝ» ነው፤ «ሪፍዩዝ-ዲት»። «ኮል» ይነዝራል፤ «ኮል-ዳ ነርስ»። «ሬስት» በ«ት» ስላለቀ «ሬስቲድ»፣ ሁለት ምት። ስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትርፍ ምት ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ያቺ እህት ስድስቱንም ላይ ጨምራ ታነብ ነበር።

ራሳችሁን ለመፈተን ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ስታዳምጡ ትርጉሙን ተዉትና እያንዳንዱ ግስ ላይ አጨብጭቡ። «ዎክት» ላይ እጃችሁ ሁለቴ ከተነሣ አናባቢ ገብቷል። መዳፋችሁን ከአገጭ በታች ብታደርጉም ይታወቃል፤ አገጭ ሁለቴ ከወረደ ሁለት ምት ብላችኋል። መጨረሻው ጭራሹን ካልተሰማ ግን ወደ «ኢት» ልምምድ ተመለሱ።

ፊደሉ የሚያታልልባቸው ቦታዎች

ትልቁ አታላይ «ኤስ» ነው። ሲጻፍ አንድ ሆኖ ሲነገር አንዴ «ስ» አንዴ «ዝ» ይሆናል፣ መጨረሻውም አብሮ ይለወጣል፦

```
promised   ስ → ት
increased  ስ → ት
used       ዝ → ድ
closed     ዝ → ድ
raised     ዝ → ድ
```

ለእነዚህ በዓይን የሚታይ ሕግ የለም፤ ግሱን ሰምቶ ማወቅ ነው። «ተጠቀመ» የሚለው «ዩዝድ» ሲሆን «ድሮ አደርግ ነበር» ለማለት የሚመጣው ግን «ዩስት ቱ» ይባላል። አጻጻፋቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸው ይለያያል። ሌላዋ አታላይ «ኤክስ» ናት፤ «ክስ» ተብላ ስለምትነበብ «ት» ትወስዳለች፤ «ጠገነ» የሚለው «ፊክስት» ነው።

ከዚህ ሌላ ሕጉን የማይሰሙ ጥቂት ቅጽሎች አሉ። በ«ት» ወይም በ«ድ» ያላለቀ ቃል ይዘው ሳለ «ኢድ» ይባላሉ፦

```
naked    ኔይኪድ
wicked   ዊኪድ
crooked  ክሩኪድ
```

«የተባረከ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ግስ «ብሌስት»፣ በጸሎት ውስጥ እንደ ቅጽል «ብሌሲድ» ነው። «የተማረ፣ ሊቅ» ለማለት «ለርኒድ» ይባላል፤ «ተማረ» የሚለው ግስ ግን «ለርንድ» ነው። እነዚህ የድሮው አነባበብ ቅሪቶች ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የኢዲዋ አናባቢ በአብዛኞቹ ግሶች ላይ ትነበብ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከንግግር ወጣች፣ ከጽሑፍ ግን አልወጣችም። በ1712 ደራሲው ጆናታን ስዊፍት አናባቢዋ እየተዋጠች ተነባቢዎች እርስ በርስ መጋጨታቸው ቋንቋውን እንደሚያሻክረው ቅሬታ ጽፎ ነበር። ዛሬ እኛን የሚያስቸግረን አጻጻፍ ያን ጊዜ ያለፈ አነባበብ ጥላ ነው።

የአጻጻፉ ነገር አጭር ነው። በ«ኢ» ያለቀ ግስ «ዲ» ብቻ ይጨመርበታል። በተነባቢና «ዋይ» ያለቀ «ዋይ»ዋን ወደ «አይ» ይለውጣል፤ ከ«ዋይ» በፊት አናባቢ ካለ ግን አይነካም። አንድ ምት ያለው አጭር ግስ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ካለቀ፣ ከ«ደብልዩ»፣ ከ«ኤክስ» እና ከ«ዋይ» በቀር፣ ተነባቢው ይደገማል። ሁለት ምት ካለው የሚደገመው ሁለተኛው ምት ሲጠነክር ነው።

```
like    liked
study   studied
play    played
stop    stopped
prefer  preferred
visit   visited
```

ስትሰሙ

አሜሪካ ያላችሁ «ዌይቲድ» ስትጠብቁ «ዌይሪድ» የሚመስል ነገር ትሰማላችሁ። ተሳስተው አይደለም። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለችውን «ት» አሜሪካውያን በምላስ ጫፍ አንዴ ብቻ መታ አድርገው ያልፏታል፤ ይህ ደግሞ «በሬ» ስንል የምናወጣው የላላ «ር» ነው። «ስታርቲድ»ም በተመሳሳይ ይለሰልሳል። «ዎንቲድ» ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ «ት»ን ጥለው «ዎኒድ» ይላሉ። እንደነሱ ለመናገር አትቸኩሉ፤ ጆሯችሁ ግን ይወቀው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጎበዝ ተናጋሪም መጨረሻውን አያሰማም። ቀጣዩ ቃል ራሱ በ«ት» ሲጀምር ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፦

```
I talk to the nurse.
I talked to the nurse.
```

በተለመደው ፍጥነት ሁለቱን በጆሮ መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ እንግሊዞቹም የሚለዩት ከወሬው ነው። እዚህ ላይ «ት»ን ለማሰማት መታገል አያስፈልግም፣ ጊዜውን ቀድሞ መናገር ነው። ያቺ እህት ሪፖርቷን «ዚስ ሞርኒንግ» ብላ መጀመር ጀመረች። አካሄዱንም «ዎክት ቱ» ከማለት ይልቅ በተቻላት ቦታ ሁሉ «ዎክ-ቲን» በሚለው ትናገራለች። ነርሷም ከዚያ ወዲህ መልሳ አልጠየቀቻትም።